ከ3 ዓመት ከ2 ወር በኋላ «ሥራ ያዝኩ» ብሎ መጻፍ፦ የአንዲት ካፕሽን ታሪክ

ለምን ጻፍኩት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ሲቪ እጽፋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ አደርጋለሁ። ሥራ ፈላጊ እኔ ጋ ሳይመጣ አይቀርም። ሥራ ያገኘ ሰው ግን አይመጣም፣ ምን ሊያደርግ ይመጣል? መጋቢት 2017 ላይ ግን አንዷ መጣች። ሥራ አግኝታለች። የመጣችው ፌስቡክ ላይ የምትለጥፈውን ጽሑፍ አይቼ እንዳስተካክልላት ነበር።

እኔም በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሦስት ምሽት ፈጀ። ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ ያልጠበቅናቸው ነገሮች መጡ። አንዳንዱ ደስ ይላል፣ አንዳንዱ እስካሁን ያሳፍረኛል። ልጅቷን አስፈቅጃለሁ፤ ስሟን፣ የድርጅቱን ስምና የሰፈሯን ስም ግን አልጠራም።

ዳራ

በ2010 በአካውንቲንግ ተመርቃለች። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ስለሆነ ያኔ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። በ2011 እዚያው አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስቶር ውስጥ ገባች። ጨርቅ ትቀበላለች፣ ክርና ቁልፍ ትቆጥራለች፣ ቢን ካርድ ትሞላለች። ሥራዋን ትወደው ነበር።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። እሷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሸሸች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ሲለቀቁ ተመለሰች፤ ፋብሪካው ግን ተዘርፎ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ታኅሣሥ 2014 ውስጥ፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ለአሜሪካ ገበያ ይሰፋ የነበረ ፋብሪካ ከዝርፊያው ቢያገግም እንኳ ዕቃውን እንደ ድሮው ያለ ቀረጥ የሚልክበት መንገድ አልነበረውም። ጥር 2014 ላይ «እንጠራችኋለን» ተብለው ተሰናበቱ። የጠራቸው የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ማመልከቻዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበራት። ያመለከተችበትን ቦታ፣ ቀኑንና የሆነውን ትጽፍበታለች። 47 ቦታ። 9 ቦታ ለፈተና ተጠራች፣ 3 ቦታ ለቃለ መጠይቅ። በመሀል 14 ወር ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልታ ሸጠች፣ የጎረቤት ልጆች አስጠናች። የቀረውን ጊዜ ቤት ነበረች። በኋላ እንደነገረችኝ ከአልጋ መነሣት ያቃታት ሳምንታት ነበሩ። እኔ ጋ ስትመጣ ግን ሁልጊዜ ነጠላ ጫማዋ ሳይቀር ንጹሕ ነበር። አላውቅም ነበር።

የካቲት 2017 ላይ የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ደወለላት። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ድርጅት ስቶር ኪፐር ይፈልጋል፣ ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፣ የቀረው ሁለት ቀን ነው አላት። አመለከተች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። ሰኞ መጋቢት 1 ሥራ ጀመረች። ረመዳን ነበር። ጾም ይዛ ጠዋት 12 ሰዓት በሰርቪስ ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች፣ ማታ ለኢፍጣር ትደርሳለች ወይም መንገድ ላይ በተምር ታፈጥራለች።

ችግሩ ምን ነበር

ይዛው የመጣችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህን ይላል፦

«አልሐምዱሊላህ! አላህ ሲሰጥ ማንም አይከለክልም። 3 ዓመት ቁጭ ብዬ የሳቃችሁብኝ አሁን እዩኝ። በራሴ ጥረት እዚህ ደርሻለሁ። እናንተም ተስፋ አትቁረጡ፣ ሁሉም በጊዜው ይሆናል። ዕዳ ያለብኝ ሁሉ አብሽሩ፣ እከፍላለሁ።»

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለችኝ።

ፊደል የማረም ሥራ አልነበረም። «ማነው የሳቀብሽ?» አልኳት። ዝም አለች። አሰበች። አንዲት የአክስት ልጅ ብቻ ትዝ አለቻት፣ እሷም አንዴ ሰርግ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ሲባል 800 ጓደኛ ተሰደበ ማለት ነው። ያልሳቀው ሁሉ «እኔን ይሆን?» ብሎ ያስባል፣ ዱቤ የሰጣትም ጭምር።

«ቁጭ ብዬ» የሚለውን ደግሞ እናቷ ናቸው የተቃወሙት። ቤት ውስጥ ስታነብላቸው «ቡናውን ማን አፈላው ታዲያ? እኔ ነኝ?» ብለው ተቆጡ። ልክ ናቸው። ደሞዝ ያልነበረው ሥራ ሁሉ ሥራ አልነበረም ብላ መጻፏ በራሷ ላይ የተናገረችው ውሸት ነው።

«በራሴ ጥረት» የሚለውም እውነት አይደለም፣ ወይም ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ያ ሰው ባይደውል ማስታወቂያውን አታይም ነበር። እሱም ፌስቡክ ላይ ጓደኛዋ ነው። ያነበዋል።

«ተስፋ አትቁረጡ» ላይ ብዙ ተከራከርን። እኔ ይውጣ አልኩ። ከወር በፊት እሷ ራሷ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ስታይ ስልኩን ትዘጋ እንደነበር የነገረችኝ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ያልተጻፈ ነገር ነበር፤ ቋሚ አልሆነችም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ከተስማሙበት እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሣ ትሰናበታለች። ውሏ ላይ 60 ቀን ተጽፏል። በሳምንት ስድስት ቀን ስለምትሠራ 10 ሳምንት ነው፣ በዓላት ሲጨመሩ እስከ ግንቦት አጋማሽ። እንደኛ ባለ ከተማ «አሁን እዩኝ» ብሎ ለጥፎ ከአምስት ሳምንት በኋላ ፒያሳ ላይ በሥራ ሰዓት መታየት ቀላል ነገር አይደለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተነጋገርነው መቼ ይለጠፍ በሚለው ላይ ነው። የእኔ ምክር 60ው ቀን እስኪያልቅ መጠበቅ ነበር። እሷ ሳቀች። «ጋሼ፣ ሰርቪሱ ላይ ስሳፈር ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል፣ እናቴ ጀመዓ ላይ ተናግራለች። ከማን ነው የምደብቀው?» አለችኝ። አዲስ አበባ ብትሆን ምክሬ ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን ዝም ካለች ሰው ራሱ ይጽፍላታል፣ «ማናጀር ሆነች አሉ» ይላል። ስለዚህ ይለጠፍ፣ ግን የሙከራ ጊዜው በግልጽ ይጻፍ ተባባልን። ቀኑም የዒድ ማግስት ሆነ፣ መጋቢት 22። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው፣ የእንኳን አደረሳችሁ ጥድፊያም ረገብ ብሏል።

በሁለተኛው ምሽት አዲስ ጽሑፍ ይዛ መጣች። አሁን ደግሞ ሁሉንም ነገር ጽፋዋለች። ሽሽቱን፣ ዝርፊያውን፣ የአባቷን ሕመም፣ 47ቱንም ቦታ አንድ በአንድ፣ ፈተና ካለፈች በኋላ ገንዘብ የጠየቃትን ሰው ሳይቀር። ሦስት ገጽ። ሁሉም እውነት ነው። ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ግን አቤቱታ ሳይ አውቃለሁ፤ ይህ አቤቱታ ነው። የሚያነበው ሰው እንኳን ደስ አለሽ ይበል አይዞሽ ይበል አያውቅም። አንብቤ ስጨርስ እኔ ራሴ ምን እንደምላት አላወቅኩም።

ከዚያ ጽሑፍ ቀይ እስክሪብቶ ይዘን መረጥን። ከቁጥሮቹ የቆይታውንና 47ን አስቀረን። 9ና 3 ወጡ፣ ቁጥር ሲበዛ ሪፖርት ይመስላል። ከከባዱ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቅር አልኳት፣ እሷ የምትመርጠው። ገንዘብ የጠየቃትን ሰው ትመርጣለች ብዬ ነበር። የአልጋውን መረጠች። እኔ ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አለቃዋ ቢያነበውስ? «ያነብበው፣ አሁን እየተነሣሁ ነው» አለች።

የመጨረሻው ይህ ነው፦

«ከ3 ዓመት ከ2 ወር በኋላ ሥራ ያዝኩ። ኮምቦልቻ፣ ስቶር ኪፐር። አልሐምዱሊላህ።

ፋብሪካችን ከተዘጋ ጀምሮ 47 ቦታ አመልክቻለሁ። እስከዚያው ቡና አፍልቼ ሸጥኩ፣ ልጆች አስጠናሁ፣ የቀረውን ቤት ነበርኩ። ከአልጋ መነሣት ያቃተኝ ሳምንትም ነበር።

ማስታወቂያው መውጣቱን የነገረኝ የድሮ ባልደረባዬ ነው፣ እሱ ባይደውል አላውቅም ነበር። ፈተናውን የተፈተንኩት እኔ ነኝ።

ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ፣ እስከ ግንቦት። ዱአ አድርጉልኝ።

ጠዋት ከደሴ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ጉሙ ከእኛ በታች ነው። ያን ጉም ሦስት ዓመት አላየሁትም ነበር።»

የመጀመሪያው መስመር እንዲያ አጭር የሆነው በምክንያት ነው። ፌስቡክ ረዘም ያለ ጽሑፍን See more ብሎ ይቆርጠዋል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ዳታ ቆጥቦ ነው የሚያነበው፣ አይከፍተውም። ስለዚህ ዋናው ወሬ፣ ጊዜውና ምስጋናው ከመቆረጡ በፊት ማለቅ አለባቸው። የባልደረባውን ስም ያልጻፍነው ደግሞ እንዳናመሰግነው ብለን አይደለም። ስሙ ቢጻፍ በማግስቱ ግማሽ ኮምቦልቻ «እኔንም አስገባኝ» ይለው ነበር። እሷ አስቀድማ ደውላ አመስግናዋለች፣ እሱም ስሜን ተዪው ብሏታል።

ፎቶውም ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ባጇን አንገቷ ላይ አድርጋ የተነሣችውን ነው የፈለገችው። ባጁ ላይ ሙሉ ስሟ፣ የመታወቂያ ቁጥሯና የድርጅቱ ስም አለ። ያን አጉልቶ አንብቦ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ሰው ማታለል ለሚፈልግ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ በሙከራ ጊዜ የድርጅቱን ስም ሳይፈቀድ መለጠፍ አለቃ አያስደስትም። በመጨረሻ በሰርቪሱ መስኮት ያነሣችው የጉሙ ፎቶ ተመረጠ። ግማሹ የመስኮቱ ቆሻሻ ነው፣ ግን ከጽሑፉ ጋር ሄደ።

የዕዳውን ነገር ከጽሑፉ አወጣነውና ለየብቻ እንድትናገር ተስማማን። ሦስት አበዳሪ ነበራት፦ አጎቷ፣ አንዲት ጓደኛዋና የሰፈሯ ባለሱቅ። ከመለጠፉ በፊት ለሦስቱም በአፍ ትነግራለች፣ መቼ መክፈል እንደምትጀምርም ትነግራለች። የመጀመሪያ ደሞዟ የሚመጣው መጋቢት መጨረሻ ስለሆነ ዒዱ ያለ ገንዘብ ነው የሚያልፈው፣ ይህንንም ትነግራቸዋለች።

የሠራውና ያልሠራው

የሙከራ ጊዜውን መጻፏ ከጠበቅነው በላይ ጠቀማት። «ሴት ልጅ ኮራች» የሚል አልመጣም። ኮሜንቱ በአብዛኛው «አላህ ያጽናሽ»፣ «ቋሚ ያድርግልሽ»፣ «አብሽሪ እታለም» ነበር። «ደሞዙ ስንት ነው?» ያሉ ጥቂት ናቸው፣ አልመለሰችላቸውም። የአልጋዋን ዓረፍተ ነገር ማንም በአደባባይ አላነሣውም። በኢንቦክስ ግን ስድስት ሰው ጻፈላት፣ «እኔም አሁን እንደዚያ ነኝ» ብሎ። ሁለቱ አብረዋት የሠሩ ናቸው። ያን አነበበችልኝ፣ ሁለታችንም ለተወሰነ ጊዜ ዝም አልን። በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ እኔ ተሳስቼ ነበር።

አንድ ሰው «ባልደረባ ነው ዘመድ?» ብሎ ጻፈ። ይመጣል ብለን ጠብቀነው ነበር። መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ስላለ ዝም አለች፣ ሌላ ሰው መለሰላት፦ «ፈተናውን ተፈተንኩ ብላለች እኮ፣ አንብብ።»

ያልሠራው ይኸውላችሁ። ለአጎቷና ለጓደኛዋ ደወለች። ባለሱቋ ጋ ግን በዒድ ዋዜማ ሄዳ ሱቁ ሰው ሞልቶት ተመለሰች፣ ነገ እነግራታለሁ ብላ። ነገ ዒድ ሆነ። ከነገ ወዲያ ጽሑፉ ተለጠፈ። ባለሱቋ ፌስቡክ የላትም፣ ልጇ ነው ያነበበላት። ሴትዮዋ በሦስት ዓመት ውስጥ ዘይትና ስኳር በዱቤ ስትሰጥ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራ አታውቅም። ያን ዕለት ግን «አገር ሁሉ ሰምቶ እኔ በልጄ አፍ ልስማ?» አለች። ገንዘቡን አላነሣችም። ልጅቷ ቡና ቆልታ፣ ስኳር ይዛ ሄደች፣ ታረቁ። ግን ታውቃላችሁ፣ የታረቀ ነገር ሁሉ እንደ ድሮው አይሆንም። ጥፋቱ የእኔም ነው። ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት «ሦስቱም ሰምተዋል?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፣ እኔ ግን ስለ ነጠላ ሰረዝ እጨነቅ ነበር።

ሌላው ኮሜንቱ ውስጥ የሆነው ነው። በሁለተኛው ቀን አንድ የማይታወቅ አካውንት «ኮምቦልቻ ሌላም ክፍት ቦታ አለ፣ በቴሌግራም አናግሩን» ብሎ ከሥሯ ጻፈ። እሷ ሥራ ላይ ነበረች፣ ስልክ ስቶር ውስጥ አይገባም። ማታ ስታየው አንዲት ልጅ አናግራቸው ለመመዝገቢያ 500 ብር ተጠይቃ ነበር። ደግነቱ አልላከችም፣ ብሩ ስላልነበራት ብቻ። የደሴ ልጅ የጻፈችው እውነተኛ ወሬ ሥር ስለተጻፈ አመነችው። ኮሜንቱን አጠፋች፣ ከጽሑፏ ሥርም «ፈተና ሳትፈተኑ ብር የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው፣ ከእኔ ጋር ግንኙነት የለውም» ብላ ጻፈች።

«አስገቢኝ» የሚለው የኢንቦክስ ጎርፍም አልቀረላትም። ለዚህ አስቀድመን አንድ መልስ ጽፈን ነበር፦ «እኔ ገና አዲስ ነኝ፣ ሰው ማስገባት አልችልም። ማስታወቂያ ካየሁ ግን ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ።» ለሁሉም ይህን ላከች። እስካሁን ሁለት ማስታወቂያ ልካለች። ቃል የገባችው የምትችለውን ብቻ ስለሆነ አልከበዳትም።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች ለተመሳሳይ ነገር መጥተዋል። አሁን ጽሑፉን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው ማን በአፍ ሰምቷል የሚለውን ነው። ያበደረ፣ ዋስ የሆነ፣ ማስታወቂያ የጠቆመ ሰው ከሌላው እኩል በስልክ ማንበብ የለበትም። የሰውየው ስም ከተጠቀሰ ደግሞ ፈቃዱ ይጠየቅ።

ቀጥሎ ውሉን አያለሁ። የሙከራ ጊዜ የሚል አንቀጽ ካለ ሁለት መንገድ አለ፣ መጠበቅ ወይም መጻፍ። ሩቅ አገር የሄደ ሰው መጠበቅ ይችላል። ሰው በየቀኑ የሚያየው ሰው ግን ይጻፈው፣ ቀኑንም ጨምሮ። ቀን ሲኖረው ሰው እንደ ቀጠሮ ነው የሚያየው፣ እንደ ልመና አይመስልም።

ሥራ ያልነበረበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ትክክለኛው ቁጥር ይጻፍ። «ከረጅም ጊዜ በኋላ» ሲባል ሰው አምስትም አሥርም ዓመት ያስባል። በመሀል የተሠራው ጥቃቅን ሥራ በስሙ ይጠራ፣ ያልተሠራበትም ጊዜ እንዳለ ይጠቀስ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው ጽሑፉ የሚታመነው። ከከባዱ ግን አንድ ይበቃል፣ የሚመርጠውም ባለቤቱ ነው። እኔ ብመርጥ ኖሮ ስድስቱ ሰዎች አይጽፉላትም ነበር።

ተስፋውን በተመለከተ ለአንባቢ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ይውጣ እላለሁ። ሰውየው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያየው አንድ ነገር ይበቃል፦ ጉም፣ የምሳ ዕቃ፣ የደሞዝ ወረፋ። ይህ ግን ገና አንድ ቀን ሠርቶ ለሚለጥፍ ሰው አይሆንም። እሷ ሦስት ሳምንት ስለቆየች ነው የምትጽፈው ነገር የነበራት።

ለጥፎ መጥፋትም አይሆንም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ኮሜንቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ ባለቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ እህት ወይም ወንድም።

ከዚያ በኋላ

60ው ቀን ግንቦት ላይ አለቀ። በ61ኛው ቀን ማንም ምንም አላላትም። ቢሮ ሄዳ ወረቀት አለው ወይ ብላ ጠየቀች፣ «ሥራሽን ቀጥይ» ተባለች። መጥታ እኔን ጠየቀችኝ። ሳያሰናብቱሽ የሙከራ ጊዜው ካለፈ ውሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደጸና ነው የሚቆጠረው አልኳት፤ አዋጁም እንደዚያ ይላል። ካርዷን አውጥታ መጋቢት 1 የሚለውን አየችው።

የዚያን ዕለት ማታ ካፕሽኑን ለማስተካከል ከፈተችውና ተወችው። «የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ» የሚለው እንዳለ ይቅር አለች። ከሥሩ በኮሜንት «60ው ቀን አለፈ» ብላ ብቻ ጻፈች። 11 ሰው ላይክ አደረገው። አንደኛው የባለሱቋ ልጅ ነው። በዚህኛው ግን እናቱ ቀድማ ሰምታ ነበር፣ ከሰርቪስ እንደወረደች ቤቷ ሳትገባ ሱቅ ሄዳ ነግራታለች።